ሰንጠረዡ የሚሞላው መቼ ነው? የድሮ መዝገቦችን ወደ ርካሽ ማከማቻ የማዛወሪያን ጊዜ ማስላት

በስልክ ገንዘብ ስንልክ፣ የመብራት ስንከፍል ወይም የሱቅ ሒሳብ ስንዘጋ ክፍያውን በሚያስተናግደው ድርጅት ሰርቨር ውስጥ አንድ ረድፍ ይጻፋል። ማን ለማን፣ ስንት ብር፣ በስንት ሰዓት፣ ተሳካ ወይስ አልተሳካም የሚለውን ይይዛል። ረድፉ ትንሽ ነው። ለፍለጋ የሚረዱት ኢንዴክሶች ተጨምረውበት እንኳ 350 ባይት ገደማ ቢሆን ነው። ግን የሚያጠፋው የለም። ከሦስት ዓመት በፊት የተላከው 200 ብር፣ ዛሬ ጠዋት ከተላከው ጋር እኩል በዚያው ውድና ፈጣን ዲስክ ላይ ተቀምጧል።

እነዚህ ረድፎች የሚደረደሩበት ሰንጠረዥ አንድ ቀን ዲስኩን ይሞላዋል። በርካታ ድርጅቶች በሚጠቀሙበት በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ዲስኩ ጨርሶ ከሞላና አዲስ ለውጥ የሚመዘገብበት ፋይል ቦታ ካጣ፣ ዳታቤዙ ራሱን ይዘጋል። ክፍያ ይቆማል። ያንን ለመከላከል የድሮዎቹን ረድፎች ወደ ርካሽ ማከማቻ ማዛወር እንደሚገባ ባለሙያው ሁሉ ያውቃል። የሚያስቸግረው መቼ ይጀመር የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ሥራው ወራት ይፈጃል፣ ዲስኩ ሊሞላ ሲል የሚጀመርም አይደለም።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምናባዊ የክፍያ ድርጅት እንውሰድ። ሥራ ከጀመረ ወደ 5 ዓመት ይጠጋል። ሰርቨሩ 1,000 ጊጋባይት ፈጣን ዲስክ አለው። የክፍያዎቹ ሰንጠረዥ ከነኢንዴክሶቹ 420 ጊጋባይት ይዟል፤ ይህም 1.2 ቢሊዮን ረድፍ ማለት ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ተደምሮ 240 ጊጋባይት ነው። የማንቂያ መስመሩን 80 በመቶ ላይ እናስምር፤ ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ለጊዜያዊ ፋይሎች፣ ለጥገናና ድንገት ለሚመጣ ሥራ የሚቀመጥ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ እስከ 560 ጊጋባይት ማደግ ይችላል። ቀሪው ቦታ 140 ጊጋባይት ነው ማለት ነው።

ባለፉት ስድስት ወራት ሰንጠረዡ በየወሩ የጨመረው በቅደም ተከተል 8.0፣ 8.6፣ 9.1፣ 9.8፣ 10.4 እና 11.2 ጊጋባይት ነው እንበል። 140ው መቼ ያልቃል? ሦስት ሰው ሦስት መልስ ይሰጣል። የመጀመሪያው የስድስቱን ወር አማካይ 9.5 ወስዶ ያካፍልና «15 ወር ገደማ አለን» ይላል። ሁለተኛው የመጨረሻውን ወር 11.2 ይወስድና 12 ወር ተኩል ያገኛል። ሦስተኛው ቁጥሮቹን እርስ በርስ ያስተያያቸዋል፤ እያንዳንዱ ወር ካለፈው በ7 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ ያያል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ወር 12.0፣ ከዚያ 12.8፣ ከዚያ 13.7 እያለ ይደምራል። በስምንተኛው ወር ድምሩ 123 ይደርሳል፤ በዘጠነኛው 143.5 ይሆናል። መልሱ 9 ወር ነው።

በ15 እና በ9 መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ዓመት ነው። ሦስቱም የተጠቀሙት አንድ ዓይነት መረጃ ነው። የመጀመሪያው ያላየው ጭማሪው ራሱ እየጨመረ መሆኑን ነው። እኔ ለእቅድ የምይዘው ሦስተኛውን ነው። እድገቱ ለዘላለም በዚህ ፍጥነት ይቀጥላል ብዬ አይደለም፤ ነገር ግን በ9 ወር አቅደን እድገቱ ቢረጋ ጥቂት ወር ቀድመን ጨረስን እንላለን፣ በ15 አቅደን እድገቱ ቢቀጥል ግን ሰርቨሩ ይቆማል።

የወር ልኬት ሲባል ደግሞ ወሩ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ዳታቤዙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 28 ቀን፣ ማርች 31 ቀን አላቸው። ምንም እድገት ባይኖር እንኳ ማርች በ10 በመቶ የበለጠ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ የምንፈልገውን የ7 በመቶ ጭማሪ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ጳጉሜን ለብቻ ይዞ በ30 ቀን በ30 ቀን መለካት ቁጥሮቹን እኩል ያደርጋቸዋል። ደመወዝም የሚከፈለው በእኛ ወር በሆነበት መሥሪያ ቤት፣ አንድ የደመወዝ ሰሞን ሁለት ጊዜ ወይም ዜሮ ጊዜ የሚገባበት ስሕተት አይፈጠርም።

በዓላትም አሉ። የእንቁጣጣሽና የገና ገበያ በእኛ ካሌንደር ቋሚ ቦታ አለው፤ ፋሲካ ግን ከዓመት ዓመት ይንቀሳቀሳል፤ የኢድ በዓላትም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደሙ ይመጣሉ። ዘንድሮ ሚያዝያ ካለፈው ሚያዝያ በለጠ ወይም አነሰ ብሎ ከመደምደም በፊት ፋሲካ በየትኛው ወር እንደዋለ ማየት ይገባል። በምሳሌያችን ዛሬ ጥር መግቢያ ቢሆን፣ 9 ወሩ የሚያልቀው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። የአዲስ ዓመት ገበያ ከዚያ በፊት ስለሚመጣ፣ የእቅዱ የመጨረሻ ቀን ነሐሴ መጨረሻ ተብሎ ቢያዝ ይሻላል።

ሌላው የሚያሳስተው ሰንጠረዡ ያደገው በአዲስ ረድፍ ነው ወይስ በቆሻሻ የሚለው ነው። በፖስትግሬስ አንድ ረድፍ ሲስተካከል አሮጌው ቅጂ ወዲያው አይጠፋም፤ ጽዳቱ እስኪደርስ ቦታ ይዞ ይቆያል። አንድ ክፍያ «በሂደት ላይ» ከሚለው ወደ «ተሳክቷል» ሲቀየር እንኳ ይህ ይሆናል። ጽዳቱ ከዘገየ ፋይሉ ያብጣል። እንዲህ ያለው እብጠት ማኅደር አይፈታውም፤ የጽዳቱን አሠራር ማስተካከል ነው የሚፈታው። ለመለየት በየሳምንቱ ረድፉንም ባይቱንም አንድ ላይ መመዝገብ ይበቃል።

```sql
SELECT now()::date,
       c.reltuples::bigint,
       pg_table_size(c.oid),
       pg_indexes_size(c.oid)
FROM pg_class c
WHERE c.oid = 'public.transactions'::regclass;
```

የረድፉ ቁጥር እዚህ ግምት ነው፤ አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ ስለዚህ ሥራ አያጨናንቅም። የሁለቱን ባይቶች ድምር ለረድፉ ብዛት ስናካፍል ባለፈው ወር 350 የነበረው ዛሬም 350 ገደማ ከሆነ እድገቱ እውነተኛ ነው። ወደ 420፣ ወደ 500 እየወጣ ከሆነ ግን ሰንጠረዡ እያበጠ ነው፤ ትንበያውን ትቶ መጀመሪያ ያንን ማየት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «ድሮ» የሚባለው ከመቼ ወዲያ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን የቴክኒክ ክፍሉ ብቻውን መወሰን የለበትም። ደንበኛ በስልኩ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ወራትን ነው። የተጠቃሚዎች አቤቱታ የሚያይ ክፍል ራቅ ያለውን ይጠይቃል። ኦዲተር ደግሞ የተዘጋውን የበጀት ዓመት ይፈልጋል፤ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃልና፣ በሰኔ ላይ ቆሞ ያለፈውን ዓመት ሙሉውን የሚመለከት ኦዲተር እስከ 24 ወር ወደ ኋላ ይሄዳል። ለምሳሌያችን 24 ወር ፈጣኑ ዲስክ ላይ ይቆይ እንበል። ጠቅላላ ለስንት ዓመት መቀመጥ እንዳለበት ደግሞ የሕግ ክፍሉ በጽሑፍ ይመልስ። ማኅደር ማጥፋት አይደለም፤ ረድፉ ቦታ ይቀይራል እንጂ ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። አንዳንድ ሥርዓቶች የደንበኛውን ቀሪ ሒሳብ ለብቻው አያስቀምጡም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የገባውን ሁሉ ደምረው የወጣውን ሁሉ ይቀንሳሉ። ከእንዲህ ያለው ሰንጠረዥ የድሮውን ረድፍ ብናነሳ የሰው ገንዘብ ይዛባል። በ2013 5,000 ብር ያስገባ፣ ከዚያ ወዲህ 1,000 ያወጣ ሰው ቀሪው 4,000 ነው፤ የ2013ቱ ረድፍ ከተነሳ ሲስተሙ 1,000 ብር ዕዳ አለበት ይላል። ስለዚህ ከማዛወሩ በፊት ለእያንዳንዱ ሒሳብ አንድ «የዞረ ቀሪ» ረድፍ መጻፍ አለበት፤ የሒሳብ ሠራተኞች ዓመት ሲዘጉ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ከዚያም የሁሉም ደንበኞች ቀሪ ድምር ከመዛወሩ በፊትና በኋላ እስከ ሳንቲሙ እኩል መሆኑ ይረጋገጣል። ይህ ምርመራ ሳይሠራ አንድም ረድፍ መነሳት የለበትም።

አሁን ማዛወሩ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስገኝ እንስላ። ባለፉት 24 ወራት የገባው፣ የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት 57 ጊጋባይትና ከዚያ በፊት በወር 7 ገደማ የነበሩትን 18 ወራት ደምረን፣ 183 ጊጋባይት ይሆናል። የቀረው 237 ጊጋባይት ሊዛወር የሚችል ነው። ከግማሽ በላይ ነውና ትልቅ እፎይታ ይመስላል። ግን ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚወጣው ከሁለት ዓመት በፊት የገባው 7 ጊጋባይት ነው፤ የሚገባው ደግሞ 12፣ 13፣ 14 እያለ ይቀጥላል። ማዛወሩ ዛሬ ተሠርቶ ቢያድር እንኳ፣ የ7 በመቶው እድገት ከቀጠለ ሰንጠረዡ 560ውን በ21ኛው ወር ይነካል። ማኅደሩ የገዛልን አንድ ዓመት ነው። በተቃራኒው እድገቱ በወር 11.2 ላይ ቢረጋ፣ ሰንጠረዡ 24 ጊዜ 11.2 ማለትም 269 ጊጋባይት ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ዲስክ መግዛት አያስፈልግም። በጀት የሚያጸድቅ ኃላፊ ሁለቱንም ቁጥር ማየት አለበት። «ማኅደር ከሠራን በኋላ ዲስክ አንገዛም» ተብሎ ቃል ከተገባለት በሁለተኛው ዓመት የሚጠየቀው ባለሙያው ነው።

ርካሽ ማከማቻ ስንል ልዩነቱ ስንት ነው? በአማዞን የቨርጂኒያ ማዕከል ዋጋ ብናይ፣ ለዳታቤዝ የሚሆነው ፈጣን ዲስክ ለአንድ ጊጋባይት በወር 8 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው፤ ተራው የፋይል ማከማቻ ከ2 ሳንቲም ትንሽ ይበልጣል፤ ጥልቅ ማኅደር የሚሉት ደግሞ ከሳንቲም አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ነገር ግን ከጥልቁ ማኅደር ፋይል ለማውጣት እስከ 12 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ማውጣቱም ያስከፍላል፤ ከ180 ቀን በፊት የጠፋ ፋይልም የ180 ቀን ይከፈልበታል። የደንበኞቹን መረጃ ከአገር ማውጣት የማይፈልግ ድርጅት በራሱ ግቢ ትልልቅና ቀርፋፋ ዲስኮች ያሉት ሌላ ሰርቨር ያስቀምጣል፤ ሁለተኛ ቅጂ ግን በሌላ ሕንፃ መኖር አለበት። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ማኅደር ዲስኩ የተበላሸ ቀን ከማጥፋት አይለይም። መጠኑም ቢሆን ይቀንሳል። ኢንዴክሶቹ አብረው አይሄዱም፤ የቀረውም ሲጨመቅ ብዙ ጊዜ ከአራትና አምስት አንድ እጅ ይሆናል። 237ቱ ጊጋባይት በመጨረሻ 30 ወይም 40 ቢሆን አያስገርምም።

ማዛወሩ በወር በወር ይሠራል፤ ከሁሉም ድሮ ከሆነው ወር ይጀመራል። መጀመሪያ የወሩን ረድፎች ወደ ፋይል መቅዳት፣ ከዚያ ፋይሉ ሙሉ መሆኑን ማረጋገጥ፣ በመጨረሻ ከዋናው ሰንጠረዥ ማንሳት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወሩ ድንበር ላይ ነው። «ከማርች 1 እስከ ማርች 31» ብሎ የጻፈ ሰው ዳታቤዙ 31ን እኩለ ሌሊት ብሎ ስለሚረዳው የመጨረሻውን ቀን ክፍያዎች ሁሉ ያስቀራል። በዓለም አቀፉ ሰዓት የጻፈ ደግሞ የአዲስ አበባ የሌሊት ሦስት ሰዓታት ወደ ሌላ ወር ይገቡበታል። ድንበሩ እንዲህ ሲጻፍ አንድ ረድፍ አይወድቅም፣ ሁለት ጊዜም አይገባም።

```sql
SELECT count(*), sum(amount), min(id), max(id)
FROM transactions
WHERE created_at >= '2021-03-01 00:00+03'
  AND created_at <  '2021-04-01 00:00+03';
```

አራቱ ቁጥሮች ይጻፋሉ። ከዚያ ፋይሉ በመሞከሪያ ዳታቤዝ ላይ ተመልሶ ይጫንና ይኸው ጥያቄ ይጠየቃል። አራቱም እኩል ካልሆኑ ሥራው ይቆማል። «ፋይሉ ተፈጥሯል፣ መጠኑም ትልቅ ነው» ማለት ማረጋገጫ አይደለም፤ ተመልሶ ያልተነበበ ማኅደር ማኅደር አይባልም። ፋይሉ ከተቀዳ በኋላ ሁለት ሳምንት መቆየት ጥሩ ነው፤ በመካከሉ ግን አንድ የድሮ ክፍያ በክርክር ምክንያት ተመላሽ ተደርጎ ረድፉ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ባለው ደቂቃ ጥያቄው እንደገና ይጠየቃል፤ ክርክሩ ያልተዘጋ ረድፍ ያለበት ወርም ይዘለላል። የአገልግሎት ክፍያን የመሰሉ በሌላ ሰንጠረዥ ያሉ ተከታይ ረድፎች ካሉም አብረው መሄድ አለባቸው።

ማንሳቱ ራሱ ብዙዎችን ያስደነግጣል። በምሳሌያችን የሚነሱት 677 ሚሊዮን ረድፎች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ማጥፋት ሰርቨሩን ያንቀዋል። 5,000 በ5,000 እያጠፉ በመካከል አንድ ሰከንድ ማሳረፍ ይሻላል፤ እያንዳንዱ ዙር ከነዕረፍቱ 2 ሰከንድ ቢወስድ 75 ሰዓት ይሆናል። በሌሊት ስድስት ስድስት ሰዓት ከተሠራ 13 ሌሊት ነው። ካለቀ በኋላ ዲስኩን ያየ ሰው ምንም እንዳልተለቀቀ ያገኛል። ስሕተት አይደለም፤ ፖስትግሬስ የተለቀቀውን ቦታ ለራሱ አዲስ ረድፎች ይይዘዋል እንጂ ለዲስኩ አይመልስም። ፋይሉን በእርግጥ የሚያሳንሰው `VACUUM FULL` ሰንጠረዡን ሙሉ በሙሉ ይቆልፋል፤ ሌላ ቅጂ የሚጽፍበት ቦታም ይፈልጋል። ክፍያ ለሚያስተናግድ ሰንጠረዥ አልመክረውም። ቦታው ውስጥ ለውስጥ መያዙ ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ትንበያው በፋይል መጠን ሳይሆን በረድፍ ብዛት ይሠራል።

ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቀረው ሰንጠረዡን በወር በወር መከፋፈል ነው። ፖስትግሬስ ከ10ኛው እትም ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 በፈረንጆቹ ወዲህ፣ አንድ ሰንጠረዥ በውስጡ የየወሩ ክፍልፋዮች እንዲኖሩት ይፈቅዳል፤ ባለሙያዎቹ ፓርቲሽን ይሏቸዋል። ከዚያ ድሮ የሆነውን ወር ማንሳት የሁለት መስመር ሥራ ነው፤ ቦታውም ወዲያው ለዲስኩ ይመለሳል።

```sql
ALTER TABLE transactions
  DETACH PARTITION transactions_2021_03 CONCURRENTLY;
DROP TABLE transactions_2021_03;
```

የመጨረሻው ቃል የሚሠራው ከ14ኛው እትም ወዲህ ነው፤ ሌሎች ሥራዎች ሳይታገዱ ክፍልፋዩ እንዲነቀል ያደርጋል። ዋጋም አለው፤ የሰንጠረዡ ዋና መለያ ቀኑንም እንዲይዝ መደረግ አለበት፣ ያ ደግሞ ፕሮግራሙን መነካካት ይጠይቃል። ላለው ሰንጠረዥ ቀላሉ መንገድ የድሮውን እንዳለ አንድ ትልቅ ክፍልፋይ አድርጎ ከመጪው ወር ጀምሮ አዲሶችን መክፈት ነው። አንድ ነገር ግን ይታወስ፤ ከተከፋፈለ በኋላ ላይኛው የልኬት ጥያቄ በዋናው ሰንጠረዥ ስም ሲጠየቅ መጠኑን ዜሮ ይላል፤ ረድፎቹ በክፍልፋዮቹ ውስጥ ናቸውና። የየክፍልፋዩ መጠን መደመር አለበት። ይህን ያልቀየረ ድርጅት የማንቂያ ደወሉ ሳያውቅ ይዘጋል።

ወደ ካሌንደሩ እንመለስ። የመጨረሻው ቀን ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ሰኔና ሐምሌ የበጀት መዝጊያ ናቸውና በእነሱ መካከል የሒሳብ ሰንጠረዥ የሚነካ የለም። ስለዚህ ሥራው ግንቦት ላይ ማለቅ አለበት። በጥርና በየካቲት የስንት ወር እንደሚቆይ፣ የዞረው ቀሪ እንዴት እንደሚጻፍ፣ የድሮ ክፍያ ሲጠየቅ ማን በስንት ጊዜ እንደሚመልስ ይወሰናል። በመጋቢት ፕሮግራሙ ተጽፎ በቅጂ ዳታቤዝ ላይ ይሞከራል። በሚያዝያ የፋሲካ ገበያ ካለፈ በኋላ አንድ ወር ብቻ፣ በጣም የቆየው፣ ከእውነተኛው ሰንጠረዥ ይዛወራል፤ ሁለት ሳምንት ይታያል። በግንቦት የቀሩት 13ቱን ሌሊቶች ይዘው ይወጣሉ፤ አዲሶቹ ክፍልፋዮችም ይከፈታሉ። ከዚያ በየወሩ አንድ ወር ይወጣል፤ ትንበያውም በየሦስት ወሩ ከአዲስ ልኬት እንደገና ይሠራል።

ይህ ሁሉ ስሌት የቆመው በስድስት ቁጥሮች ላይ ነው፤ ያለፉትን ወራት ልኬት ያልመዘገበ ድርጅት እነሱን ከየትም አያመጣቸውም። ሰንጠረዥ የሚጠብቁ ከሆነ የዛሬውን መጠንና የረድፍ ብዛት ዛሬውኑ ይመዝግቡ፤ በየሳምንቱም እንዲመዘገብ ያድርጉ።